ባቡሩ መጥቷል ወይስ እየመጣ ነው? ስለ ጃፓንኛው «ቴ» ቅርጽ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ጃፓን አገር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ከግሡ ላይ በ‹ቴ› ወይም በ‹ዴ› የሚያልቀው የቴ ቅርጽ እንዴት እንደሚወጣ አውቃለሁ፤ አጠቃቀሙ ግን ግራ አጋብቶኛል። ባቡር ጣቢያ ቆመን ‹ዴንሻ ጋ ኪቴ ኢማስ› አልኳት ጓደኛዬን፤ ባቡሩ እየመጣ ነው ማለቴ ነበር፤ እሷ ግን ‹የታለ?› ብላ ዞር ዞር አለች። በሌላ ቀን ደግሞ ፕሮፌሰሬን ‹ኮኖ ሮንቡን ኦ ሚቴ ኩዳሳይ› ብዬ ጽሑፌን እንዲያዩልኝ ጠየቅኳቸውና ፊታቸው ቅር አለው። ‹ኩዳሳይ› ትሕትና አይደለም እንዴ? አንድ ቅርጽ እንዴት ሦስት ሥራ ይሠራል? እህታችሁ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሰላም። ሁለቱም ያጋጠሙሽ ነገሮች ከአንድ ቦታ የመጡ ይመስለኛል። አብዛኞቻችን ጃፓንኛን የምንማረው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ በተዘጋጀ መጽሐፍ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ለዚህ ቅርጽ የሚመጥን ነገር ስለሌለው መጽሐፉ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል፤ እኛም አብረን እንጠመጠማለን። አማርኛ ግን አለው። «በልቼ፣ በልተሽ፣ በልቶ» የምንለውና የሰዋስው መምህሮቻችን ቦዝ አንቀጽ የሚሉት የቴ ቅርጽ የቅርብ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቦዝ አንቀጽን ይዤ እሄዳለሁ፤ የሚመሳሰሉበትንም የሚለያዩበትንም አሳይሻለሁ።

ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር፦ ጃፓንኛውን በፊደላችን ስጽፍ የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለቴ አስቀምጣለሁ። «ኢትቴ» ካልኩ «ቴ»ን አጥብቀሽ አንብቢው። ረጅሙን አናባቢ ግን አልለየሁትም። መጥበቅና መላላት ለኛ ጆሮ ቀላል ነው፤ «እንዲህ አለ» የምንለውን «አለ» እና «ቤት ውስጥ አለ» የምንለውን «አለ» ሳናስብ እንለያለን። ጃፓንኛም ይህን ይፈልጋል፤ «ኪቴ ኩዳሳይ» ቢሉሽ «ነዪ» ነው፣ «ኪትቴ ኩዳሳይ» ቢሉሽ «ቁረጪ» ነው።

ድርጊት ከድርጊት በማያያዝ እጀምራለሁ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ሥራዎች፣ ማለትም ከ«ኢሩ» ጋር ሆኖ የሚቀጥልን ነገር መግለጽና ከ«ኩዳሳይ» ጋር ሆኖ መለመን፣ የሚወጡት ከዚህ ስለሆነ።

«አሳ ኦኪቴ፣ ካኦ ኦ አራትቴ፣ ኦቻ ኦ ኖንዴ፣ ዳይጋኩ ኤ ኢኪማስ።»

«ጠዋት ተነስቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ።»

ቃል በቃል አስተያዪው። ግሡ እንደኛው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። «ኦ» የኛን «ን» ሥራ ይሠራል። «ኦኪቴ» ራሱን ችሎ ጊዜ የለውም፤ እንደ «ተነስቼ» ተንጠልጥሎ መጨረሻ ላይ ያለውን ግሥ ይጠብቃል። መጨረሻውን «ኢኪማሺታ» ብትዪው ሁሉም ነገር ትናንት የሆነ ይሆናል፤ ቴዎቹ ግን አይነኩም። መጨረሻው ትእዛዝ ከሆነ ከፊቱ ያሉትም ትእዛዝ ይሆናሉ፦ «ኩትሱ ኦ ኑይዴ ሃይትቴ ኩዳሳይ»፣ «ጫማሽን አውልቀሽ ግቢ»። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ የሚደክምበትን ይህን ነገር አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ይዘሽዋል።

የሚለየው ባለቤቱ ላይ ነው። ቦዝ አንቀጻችን ማን እንዳደረገው በራሱ ይናገራል፤ ተነስቼ፣ ተነስተሽ፣ ተነስታ። ስለዚህ «እናቴ መጥታ ወጣሁ» ስንል የመጣችው እሷ፣ የወጣሁት እኔ መሆኔ አያጠራጥርም። «ኪቴ» ግን ማን እንደመጣ አይናገርም። ሰሚው ሌላ ነገር ካልሰማ ሁሉንም ድርጊት ለአንድ ሰው ይሰጠዋል። ባለቤቱ ሲቀየር መናገር አለብሽ፦ «ሃሃ ጋ ኪቴ፣ ዋታሺ ዋ ዴማሺታ።» አማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎቼ ባለቤቱን መጣል ስለለመዱ እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ ዓረፍተ ነገሩ ለራሳቸው ግልጽ ነው፣ ለሰሚው ግን እናትየዋ መጥታ ራሷ የወጣች ይመስለዋል።

ሁለተኛው ልዩነት አሉታው ነው። አማርኛ ቦዝ አንቀጽን በቀጥታ አያፈርስም፤ የ«በልቼ» አፍራሽ «ሳልበላ» ወይም «ስላልበላሁ» ነው። ጃፓንኛም ሁለት አለው፤ «ናይዴ» እና «ናኩቴ»። ብዙ ሰው የሚያምታታቸው ቢሆንም ለኛ ቁልፉ ቅርብ ነው። በአማርኛ «ሳ...» የሚያስብልሽ ከሆነ ብዙውን ጊዜ «ናይዴ» ነው፦ «አሳጎሃን ኦ ታቤናይዴ ኢኪማሺታ»፣ «ቁርስ ሳልበላ ሄድኩ»። «ስላል...» የሚያስብልሽ ከሆነ «ናኩቴ» ነው፦ «ካንጂ ጋ ዮሜናኩቴ ኮማሪማሺታ»፣ «ካንጂውን ማንበብ ስላልቻልኩ ተቸገርኩ»።

ምክንያትንም ቴ ይሸከማል፤ እዚህም ጆሮሽን እመኚው። «ሳሙኩቴ ኔሙሬማሴን ዴሺታ» በትክክል «በርዶኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም» ነው። አሁን መጨረሻውን ወደ ልመና ለውጪው፤ «በርዶኝ መስኮቱን ዝጋልኝ»። አይጥምም፤ ማንም ሰው «ስለበረደኝ ዝጋልኝ» ነው የሚለው። ጃፓንኛም እንደዚሁ ነው። የምክንያት ቴ ካለ መጨረሻው ልመና፣ ትእዛዝ ወይም «ላድርግ» የሚል ሐሳብ ሊሆን አይችልም። «ሳሙኩቴ ማዶ ኦ ሺሜቴ ኩዳሳይ» ስሕተት ነው፤ «ሳሙይ ካራ ማዶ ኦ ሺሜቴ ኩዳሳይ» ይባላል። የጫማው ምሳሌ ያልተሰናከለው ማውለቁ የመግባቱ ምክንያት ሳይሆን ቀዳሚ እርምጃ ስለሆነ ነው።

ሁለት ነገር ጎን ለጎን እያደረጉ መሄድ ግን የቴ ሥራ አይደለም። «ሙዚቃ እየሰማሁ አጠናለሁ» ለማለት «ናጋራ» የሚባል ሌላ ቅርጽ አለ፤ «ኪኪናጋራ»። «ኪይቴ» ካልሽ «ሰምቼ» ነው፤ ሙዚቃው አልቆ ጥናቱ ይጀምራል።

አሁን ወደ ባቡሩ እንምጣ።

«መጥቷል» የሚለውን ቃል ፍቺው። «መጥቶ» እና «አለ» ናቸው የተጣበቁት። ጃፓንኛው «ኪቴ ኢሩ» ደግሞ «ኪቴ» እና «ኢሩ» ነው፤ «ኢሩ» ሕይወት ስላለው ነገር ብቻውን ሲነገር «አለ» ማለት ነው። አሠራሩ አንድ ነው። ስለዚህ «ዴንሻ ጋ ኪቴ ኢማስ» ብለሽ የነገርሻት «ባቡሩ መጥቷል፣ እዚህ አለ» ብለሽ ነው። ጓደኛሽ ዞራ መፈለጓ ትክክል ነበር። ማለት የፈለግሽው «ዴንሻ ጋ ኪማስ» ነበር። የጣቢያው ድምፅ ማጉያም ባቡሩ ሊደርስ ሲል «ማሞናኩ» ብሎ፣ ማለትም «በቅርቡ» ብሎ፣ የሚጨርሰው «ዴንሻ ጋ ማይሪማስ» በማለት ነው። «ማይሪማስ» የ«ኪማስ» ትሑት አነጋገር ነው፤ ኢሩ የሚባል ነገር የለበትም።

መጽሐፍሽ ግን «ቴ ኢሩ» በሂደት ላይ ያለ ድርጊት ነው ብሎሻል፤ እሱም አልዋሸም። «ጎሃን ኦ ታቤቴ ኢማስ» በእርግጥም «ምግብ እየበላ ነው» ማለት ነው። ታዲያ መቼ «እየ...ነው»፣ መቼ «...ቷል» ይሆናል? ይህን ጥያቄ በሚገባ ያነሳው ኪንዳይቺ ሃሩሂኮ የተባለ ጃፓናዊ የቋንቋ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ግሦችን ኢሩ ሲከተላቸው በሚሰጡት ትርጉም ከፋፈላቸው። ክፍፍሉ ከዚያ በኋላ ብዙ ተሻሽሏል፤ ለተማሪ የሚጠቅመው እምብርቱ ግን አሁንም ይሠራል። አንዳንድ ግሥ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነው፦ መብላት፣ ማንበብ፣ መሮጥ፣ መዝነብ። አንዳንዱ ደግሞ ካንድ ሁኔታ ወደ ሌላ መሻገር ነው፦ መምጣት፣ መሄድ፣ መቀመጥ፣ ማግባት፣ መሞት፣ መከፈት። የመጀመሪያው ዓይነት ኢሩን ሲያገኝ ሥራው ይቀጥላል። ሁለተኛው ሲያገኝ መሻገሩ አልቆ የተሻገረበት ሁኔታ ይቀጥላል። በሁለቱም የሚቀጥል ነገር አለ፤ የሚለያዩት በሚቀጥለው ነገር ነው።

ባቡር ውስጥ ተቀምጠሽ ፊት ለፊትሽ ያለውን ሰው ትገልጪዋለሽ እንበል።

«ኦቶኮ ኖ ሂቶ ጋ ሱዋትቴ ኢማስ። ሜጋኔ ኦ ካኬቴ ኢማስ። ካሳ ኦ ሞትቴ ኢማስ። ሺንቡን ኦ ዮንዴ ኢማስ።»

«ሰውዬው ተቀምጧል። መነጽር አድርጓል። ጃንጥላ ይዟል። ጋዜጣ እያነበበ ነው።»

ጃፓንኛው አራት ጊዜ አንድ ቅርጽ ተጠቀመ። አማርኛው ሦስቱን በቦዝና በ«አለ»፣ አራተኛውን በ«እየ» ተናገረው። ምንም ሕግ ሳታስታውሺ ትክክለኛውን መረጥሽ። መፈተኛው እንግዲህ ይሄ ነው፦ ግሡን በአማርኛ «...ቷል» በዪውና ዓይንሽ አሁን የሚያየውን ይገልጽ እንደሆነ ጠይቂ። «ተቀምጧል» ስትዪ የተቀመጠውን ሰው ታያለሽ፤ ስለዚህ «ሱዋትቴ ኢማስ» ተቀምጧል ነው። «አንብቧል» ስትዪ ግን ጋዜጣው ታጥፎ ይታይሻል፤ ያ «ዮንዴ ኢማስ» አይደለም፣ ስለዚህ «እያነበበ ነው» ወደሚለው ትሄጃለሽ።

በዚህ ፈተና ብዙ ነገር ይጠራል። «ኬክኮን ሺቴ ኢማስ» አግብቷል እንጂ እያገባ ነው አይደለም። «ማዶ ጋ አይቴ ኢማስ» መስኮቱ ክፍት ነው፣ ተከፍቷል። «ኔቴ ኢማስ» ተኝቷል። «ቺቺ ዋ አሜሪካ ኒ ኢትቴ ኢማስ» አባቴ አሜሪካ ሄዷል፣ እዚያ ነው ያለው ማለት ነው። በጣም መጠንቀቅ ያለብሽ «ሺንዴ ኢማስ» ላይ ነው። ሞቷል ማለት ነው። በጽኑ ስለታመመ ሰው «እየሞተ ነው» ለማለት ብለሽ እንዳትዪው፤ በጣዕር ላይ ስላለ «ሺኒካኬቴ ኢማስ» የሚባል ሌላ አነጋገር አለ።

ታዲያ በስልክ «መንገድ ላይ ነኝ፣ እየመጣሁ ነው» እንዴት ይባላል? «ኢትቴ ኢማስ» ወይም «ኪቴ ኢማስ» አይሆንም። ጃፓናውያን የሚሉት «ኢማ ሙካትቴ ኢማስ» ነው። «ሙካው» ወደ አንድ ቦታ አቅጣጫ መያዝ ነው፤ እንቅስቃሴው ራሱ ጊዜ የሚወስድ ስለሆነ ኢሩ ሲከተለው «እያመራሁ ነው» ይሆናል። ይህን አንዱን በቃልሽ ያዢው፤ በየቀኑ ያስፈልግሻል።

ፈተናው የማይደርስባቸው ጥቂት ግሦችም አሉ። «ሱንዴ ኢማስ» በአማርኛ በቀላሉ «እኖራለሁ» ነው፣ «ሺትቴ ኢማስ» «አውቃለሁ» ነው። የኋለኛው አሉታው ደግሞ ኢሩን ጥሎ «ሺሪማሴን» ይሆናል። ዘወትር የምታደርጊውንም ቴ ኢሩ ይይዛል፤ «ጊንኮ ዴ ሃታራይቴ ኢማስ» የሚል ሰው አሁን ቤቱ ተቀምጦም ቢሆን የባንክ ሠራተኛ ነው። እነዚህን እንዳሉ መያዝ ነው።

አማርኛችን የሚያሳስትበት አንድ ቦታም ልንገርሽ። «ምሳ በላሽ?» ሲሉሽ «ገና አልበላሁም» ትያለሽ። «አልበላሁም» ኃላፊ ጊዜ ስለሚመስል ተማሪዎቼ ወዲያው «ታቤማሴን ዴሺታ» ይላሉ። ጃፓናዊው የሚሰማው «ምሳ ሳልበላ ቀረሁ» ነው፤ ሰዓቱ አልፏል፣ ነገሩ ተዘግቷል። በሩ ገና ክፍት ከሆነ «ማዳ ታቤቴ ኢማሴን» በዪ። መብላቱ ያልተፈጸመበት ሁኔታ እስካሁን ቀጥሏል ማለት ነው፤ የኢሩም ሥራ ይኸው ነው። በዚያ ላይ በንግግር «ኢ» እንደምትዋጥ አትርሺ፤ ጓደኞችሽ «ናኒ ሺቴሩ ኖ?» ሲሉ «ናኒ ሺቴ ኢሩ ኖ?» ማለታቸው ነው፣ ሌላ ቅርጽ አይደለም።

የቀረው የፕሮፌሰርሽ ነገር ነው፤ ከሁሉም በላይ ላብራራው የምፈልገውም ይህንን ነው፣ ምክንያቱም የሰዋስው ስሕተት ይታለፋል፣ ይሄኛው ግን እንደ ጠባይ ይቆጠራል።

«ኩዳሳይ» የመጣው «ኩዳሳሩ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ከፍ ያለ ሰው ዝቅ ላለው ሲሰጥ የሚነገር የአክብሮት ቃል ነው። «ኩዳሳይ» የዚያ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ «ሚቴ ኩዳሳይ» ውስጡ ሲታይ «አይተው ይስጡኝ» ነው። አማርኛ ይህንን መስጠት በግሡ ውስጥ በ«ል» ይሸከመዋል፤ «ይዩልኝ»። አሁን «ይዩልኝ»ን እንደ አማርኛ ተናጋሪ ስሚው። አንቱታ አለው። ግን ትእዛዝ ነው። አዲስ አበባ ላለ መምህርሽ «ጽሑፌን ይዩልኝ» ብለሽ ብቻ ትተይው ነበር? «ቢያዩልኝ»፣ «ሊያዩልኝ ይችሉ ይሆን?» ነው የምትዪው። ፕሮፌሰርሽን ቅር ያሰኛቸው ይኸው ይመስለኛል፤ ቃሉ ጨዋ ነው፣ እምቢ ለማለት ግን በር አይተውም።

«ቴ ኩዳሳይ» ቦታ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ተናጋሪው መመሪያ የመስጠት ድርሻ ሲኖረው ወይም ነገሩ ለሰሚው ሲጠቅም ትክክለኛው እሱ ነው። ሐኪም «ኩቺ ኦ አኬቴ ኩዳሳይ» ይላል፣ አፍዎን ይክፈቱ። ለታክሲ ሹፌር «ኮኮ ዴ ቶሜቴ ኩዳሳይ» ትያለሽ፣ እዚህ ላይ ያቁሙልኝ፤ ሥራው ስለሆነ ማንም ቅር አይለውም። እንግዳን «ዶዞ፣ ሱዋትቴ ኩዳሳይ» ብሎ ማስቀመጥ መጋበዝ ነው። «አታድርጉ» ሲሆን ከላይ ያየነው ናይዴ ይመጣል፤ «ሻሺን ኦ ቶራናይዴ ኩዳሳይ»፣ ፎቶ አታንሱ። ለቅርብ ጓደኛ ኩዳሳይንም ትጥይዋለሽ፤ «ቾትቶ ማትቴ»፣ «ቆይ እስቲ»።

ችግሩ የሚነሳው ሰውየው ባያደርገውም የማይጠየቅበትን ውለታ ስትለምኚ ነው። ያኔ ከቴ በኋላ ያለውን ቃል ወደ ጥያቄ ቀይሪው። ለእኩያ ወይም ለማታውቂው ሰው «ሚቴ ኩሬማሴን ካ?» ይበቃል፤ «አታይልኝም?» እንደማለት ነው። «ሚቴ ሞራኤማሴን ካ?» ትንሽ ለስላሳ ነው፤ መስጠቱን ትቶ አንቺ መቀበል ትችዪ እንደሆነ ይጠይቃል። ለፕሮፌሰር ግን «ሞራው»ን በትሑት ወንድሙ «ኢታዳኩ» ትተኪዋለሽ፦ «ሚቴ ኢታዳኬማሴን ካ?» ሦስቱም አሉታ ናቸው፤ እንደኛው «አይቻልም ይሆን?» አሉታው ነው ለሰውየው መውጫ የሚከፍትለት።

እንግዲህ ያንቺን ዓረፍተ ነገር እንጠግነው። «ኮኖ ሮንቡን ኦ ሚቴ ኩዳሳይ» የነበረው፦

«ኦኢሶጋሺ ቶኮሮ ሱሚማሴን ጋ፣ ኮኖ ሮንቡን ኦ ሚቴ ኢታዳኬማሴን ካ?»

የመጀመሪያው ክፍል «ሥራ በዝቶብዎት ሳለ ይቅርታ ያድርጉልኝና» ነው። በጽሑፍ፣ ለምሳሌ በኢሜይል ከሆነ፣ መጨረሻውን «ሚቴ ኢታዳኬናይ ዴሾ ካ» ብትዪው ሌላ ደረጃ ዝቅ ትያለሽ። ከዚህ በላይ መሄድ ለተማሪ አያስፈልግም፤ ከልክ ያለፈ ትሕትና እዚያም ያስጨንቃል።

ሲያዩልሽ ደግሞ ቴውን ሳትጥዪ አመስግኚ። ሰው ያደረገልሽን ውለታ «ሴንሴይ ጋ ሚማሺታ» ብለሽ ብታወሪ «መምህሩ አዩት» ነው፤ «ል» የጎደለው፣ ለሰሚው ቀዝቃዛ። «ሚቴ ኩዳሳይማሺታ» ስትዪ «አዩልኝ» ይሆናል። ለጓደኛ «ቴትሱዳትቴ ኩሬቴ አሪጋቶ»፣ «ስላገዝሽኝ አመሰግናለሁ»። ለፕሮፌሰርሽ «ሚቴ ኩዳሳትቴ አሪጋቶ ጎዛይማሺታ»። ልብ በዪ፣ «ኩሬቴ» እና «ኩዳሳትቴ» ራሳቸው የመስጠት ግሦቹ ቴ ቅርጽ ናቸው፤ ቴ በቴ ላይ ተደርቦ ምስጋናውን ካደረጉልሽ ነገር ጋር ያያይዘዋል።